ዋቢ ከነማብራሪያው፦ ክፉ ቀን፣ በሬና ዝናብ

የጥናቱ ጥያቄ፦ በክፉ ቀን ዘመን በሰሜን ሸዋና በወሎ ረሃቡን ያን ያህል ያስረዘመው የዝናብ መጥፋት ነው ወይስ የበሬ ማለቅ?

ፓንክረስት፣ ሪቻርድ። «ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ታላቁ የኢትዮጵያ ረሃብ፦ አዲስ ግምገማ»። ጆርናል ኦቭ ዘ ሂስትሪ ኦቭ ሜዲሲን ኤንድ አላይድ ሳይንስስ፣ ቅጽ 21፣ ቁጥር 2 (1966 እ.ኤ.አ.)፣ ገጽ 95–124፤ ቁጥር 3፣ ገጽ 271–294።

ጽሑፉ በሁለት ክፍል ነው የወጣው። አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሹን አላየም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከብት ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ከብት አስገቡ። ከብቶቹ ከህንድ የመጡ ናቸው ይባላል። አብሯቸው የደስታ በሽታ ገባ። (ለእንዲህ ያለ መቅሰፍት «ደስታ» የሚል ስም ማን እንዳወጣለት እንጃ!) በሽታው ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ የአገሩን ከብት ጠረገው። በላዩ ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። እህል ተወደደ። ሰው በረሃብ ከደከመ በኋላ ደግሞ ፈንጣጣ፣ ተቅማጥና ኮሌራ ተከታተሉበት። ፓንክረስት የሰዎችን ስደት፣ ልጅ እስከ መሸጥ የደረሰውን ችግርና አፄ ምኒልክ የወሰዱትን እርምጃ ተራ በተራ ያሳያል። ንጉሡ ጎተራ ከፍተዋል፤ በሬ ስለጠፋም ራሳቸው ወርደው መሬት ቆፍረዋል።

ደራሲው የኢኮኖሚ ታሪክ ባለሙያ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተርም ነበር። ምንጮቹን በግርጌ ማስታወሻ አንድ በአንድ ስለሚጠቅስ የሚለውን ተከታትሎ ማጣራት ይቻላል። ምንጮቹ የአውሮፓ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ያስቀሩት ጽሑፍ፣ የጣሊያን ሰነዶችና የአገር ውስጥ ዜና መዋዕል ናቸው። እናቱ ሲልቪያ ፓንክረስት የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ አጥብቃ የታገለች ሴት ናት። ስለዚህ በሽታውን ጣሊያኖች አስገቡት ሲል ጆሮዬን አቁሜ ነው ያነበብኩት። ክሱን ግን አላጋነነውም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚል ነገር አላገኘሁበትም።

የምጠራጠረው ቁጥሮቹን ነው። ከከብቱ ከመቶ ዘጠናው አለቀ፣ ከሕዝቡ ሲሶው ሞተ የሚሉት ግምቶች በየመጽሐፉ ይደጋገማሉ። በዚያ ዘመን ግን ሕዝብ ቆጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። ተጓዡ የሚያየው የነጋዴ መንገዱን ዳርና ዳር ነው። ቆላ ወርዶ፣ ተራራ ወጥቶ ቤት የቆጠረ የለም። እነዚህን ቁጥሮች «እንደሚገመተው» ብዬ ካልሆነ በቀር አልጠቅሳቸውም።

ለጥያቄዬ ትልቁን ነገር ያገኘሁት እንደ ዋዛ ከሚታለፈው ቦታ ነው። ንጉሡ ቆፈሩ የሚለው ወሬ ከቤተ መንግሥት ሰዎች የመጣ ስለሆነ ውዳሴ ሊኖርበት ይችላል። ምን ያህል ቆፈሩ? ስንት ቀን? አላውቅም፤ ለጥናቴም አያስፈልገኝም። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ለማሞገስ ሲል ሳያስበው የነገረን ነገር ግን አለ፦ ሞፈርና ቀንበር ቤት ተቀምጧል፣ የሚጎትተው ጥማድ የለም። ይህን ፈጥሮ ለመጻፍ ምንም ምክንያት አልነበረውም። ዝናብ ተመልሶም መሬቱ ጦም ካደረ ረሃቡን ያስረዘመው ሰማዩ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህ የምዕራፍ ሁለት ምሰሶዬ ነው።

ሆኖም ፓንክረስት ራሱ ምክንያቶቹን አይመዝንም፤ በተርታ ይደረድራቸዋል። የትኛው አውራጃ በሬው ቀድሞ አለቀበት፣ የትኛው ዝናቡ ቀድሞ ቀረበት የሚለውን ከእሱ አላገኘሁም። አትኩሮቱ አገር አቀፍ ስለሆነ ወሎና ሰሜን ሸዋ ተነጥለው አይታዩም። አንድ ጥማድ በሬ የነበረው ገበሬና አሥር ጥማድ የነበረው ባለርስትም በአንድ ዓይን ታይተዋል። በሬ ያለው ከሌለው ምን አስከፍሎ አበደረ? መሬቱስ በማን እጅ ወደቀ? ይህንን የጄምስ ማካንን የ1995 እ.ኤ.አ. የበሬ እርሻ ታሪክ ከጎኑ አድርጌ ለማሟላት እሞክራለሁ።

አጠቃቀም፦ ለምዕራፍ አንድ የክስተቶች ቅደም ተከተል፣ ለምዕራፍ ሁለት ዋና ማስረጃ። ለሟቾች ቁጥር አልጠቀምበትም። ዜና መዋዕሉን በፓንክረስት በኩል ሳይሆን ከራሱ ከአማርኛው አንብቤ እጠቅሳለሁ፤ የቁፋሮው ቦታ ላይ ቃል በቃል ምን እንደተባለ ማየት አለብኝ።