ለሐያት አባት፣ ስለ ሒሳብ ፈተናዋ

ደሴ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሰይድ
ኮምቦልቻ

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ፣ ሱቁ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን፣ ይመስገነው።

እሑድ ዕለት በቴሌግራም የላኩልኝን የሐያትን የሒሳብ ፈተና አንድ በአንድ አየሁት። ከሥሩ «16 ከ30! አሁንም ያው ስሕተት ነው። ስልኳን ልቀማት?» ብለው የጻፉትንም አነበብኩ። በስልክ ብንነጋገር ሁለታችንም ስለምንቸኩል በጽሑፍ ማስረዳቱን መረጥኩ። ያረምኩትን ፎቶ መልሼ ልኬልዎታለሁ። እሱን ከፍተው ጎን ለጎን ቢያዩት ይሻላል።

በቀይ የከበብኳቸው እያወቀች የሳተቻቸው ናቸው። በሰማያዊ የከበብኩት ደግሞ ገና ያልገባት ነው። ፈተናው 15 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይይዛል። ሰባቱን ስታለች። ስድስቱ ቀይ፣ አንዱ ብቻ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን ብቻ በትክክል ጽፋ ብትወጣ 28 ታገኝ ነበር። አብሽሩ፣ ልጅቷ ሒሳብ አልጠፋባትም።

ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው የ3ኛው ጥያቄ ስሕተት ነው። እንዲህ ነው የጻፈችው፦

```
5 - 2(x - 3) = 1
5 - 2x - 6 = 1
x = -1
```

ሁለተኛውን መስመር ይመልከቱ። ከቅንፉ ፊት ያለው 2 ማይነስ አለው። ቅንፉ ውስጥ ያለው 3ም ማይነስ አለው። ሁለት ማይነስ ሲባዛ ፕላስ ስለሚሆን እዚያ ቦታ ላይ +6 መጻፍ ነበረባት። እሷ ግን ማይነሱን ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ሰጥታ ሁለተኛውን እንዳለ አሳለፈችው። ትክክለኛው ይኼ ነው፦

```
5 - 2x + 6 = 1
11 - 2x = 1
x = 5
```

ባለፈው ፈተናም፣ ደብተሯም ላይ ይኸው አለ። «አልገባትም ማለት ነው» ብዬ ተጠራጥሬ ማክሰኞ ስትመጣ ያንኑ ጥያቄ ሰጠኋት፤ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እያነበበች እንድትሠራም ነገርኳት። ሳትደናቀፍ ሠርታ 5 አለችኝ። ስለዚህ ቀይ ነው። ስትሠራ አፏ ዝም ካለ እጇ ይቀድማታል።

5ኛው ላይ ደግሞ ጥያቄው 3x + 18 = 45 ነው የሚለው። ከወረቀቱ ወደ መሥሪያው ስትገለብጠው 18ቱ 13 ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድም እንከን የለበትም፤ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። 10.66 ሲመጣላት «ምን ዓይነት ቁጥር ነው?» ብላ ወደ ላይ ማየት ነበረባት፤ መልሱ 9 ነበር። 7ኛው «ከሚከተሉት ውስጥ ፕራይም ቁጥር ያልሆነው የትኛው ነው?» ይላል። «ፕራይም ቁጥር» የሚለው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቁማ ሀን፣ ማለትም 23ን ከበበች። የሚፈለገው 51 ነበር፤ 3 ጊዜ 17 ነውና። 9ኛው የክፍል ስፋት ነው፦ 4 ሜትርን በ350 ሴንቲሜትር እንዳለ አባዝታ 1400 ጻፈች። መጀመሪያ 350ውን ወደ 3.5 ሜትር መቀየር ነበረባት፤ ከዚያ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። 11ኛው ደግሞ እኔንም አሳቀኝ፤ ኅዳጉ ላይ 4/5 ብላ በትክክል ሠርታ ስታበቃ ሐን ትታ መን ከባለች።

15ኛው ላይ እርስዎም ተከራክረዋል፤ ሐያትም «−3 ብዬ ጽፌያለሁ» ብላኛለች። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከ3ቱ ፊት በእርሳስ የተጫረ የሚመስል ነገር አለ፤ ግን የእጅዎ ጥላ ወድቆበታል፤ የወረቀቱ እጥፋትም እዚያው ጋ ስለሆነ ልፍረድ ብል አልችልም። መምህሩም 3 ብቻ ታይቶት ቢሆን አልፈርድበትም። ስለዚህ ለጊዜው ቀይ አድርጌዋለሁ። ለነጥቡ ብለው ትምህርት ቤት ድረስ እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ። ከፈለገች ራሷ ወረቀቱን ይዛ በትሕትና ትጠይቅ። ክልላዊ ፈተና ላይ ግን «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብሎ የሚጠራት ሰው የለም። ማይነሷን ደማቅ አድርጋ መጻፍ ካሁኑ ትልመድ።

አሁን ወደ ሰማያዊው ልምጣ፤ እርስዎን የሚፈልግ እሱ ነው። 12ኛው ጥያቄ፣ አንድ ዕቃ 20% ተቀንሶለት በ480 ብር ቢሸጥ የመጀመሪያ ዋጋው ስንት ነበር ይላል። ሐያት የ480ን 20% አውጥታ፣ 96 ብር ጨምራ 576 አለች። ሳትቸኩል፣ በጥሩ ጽሑፍ ነው የሠራችው። ነገር ግን ቅናሹ የተሠራው ከ480ው ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። 480 ብር የዋጋው 80% ነው፤ ስለዚህ ሙሉው 600 ይሆናል። ለማረጋገጥ ከ576 ላይ 20% ቢቀንሱ 460.80 ነው የሚመጣው፤ 480 አይደለም። ይኼን «ተጠንቀቂ» በሚል ቃል ማስተካከል አይቻልም፤ ማስተማር ነው የሚፈልገው። እኔ አስተምራታለሁ፤ እርስዎም ቅዳሜ ሱቅ ስትመጣ ጫማ ወይም ሸሚዝ አንስተው «ይኼን ቀንሼ በዚህ ሸጥኩት፣ መጀመሪያ ስንት ብዬው ነበር?» እያሉ ቢጠይቋት ከእኔ የተሻለ ያስገቧታል።

እግረ መንገዴን ስለ ሱቁ አንድ ነገር ልናገር። ሐያት በቃሏ ፈጥና መደመሩን ከእርስዎ ነው የወረሰችው፤ ሂሳብ ማሽን ሳትነካ ለደንበኛ መልስ ስትሰጥ እኔም አይቼ ተደንቄያለሁ። ታዲያ ክፍል ውስጥም ቀድማ ካልጨረስኩ ትላለች። ፈተናውን ከሁሉ በፊት አስረክባ እንደወጣች ራሷ በኩራት ነግራኛለች። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ምንጭ እዚህ ጋ ነው። ስልኳ የለበትም። ስልኩን ቢቀሟት ትናደዳለች እንጂ የማይነሱ ነገር አይቃናም። ቢቻል ቤት ውስጥ «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ይቅር፤ «መልስሽን መልሰሽ አስገብተሽ አየሽው?» ይባል።

ከእሷ ጋር የተስማማንበት ይኼ ነው። ከጥያቄ የገለበጠችውን ቁጥር በጣቷ እየነካች አንድ ጊዜ ታስተያያለች። «ያልሆነ»፣ «የማይችል» የሚል ቃል ካለ ከሥሩ ታሰምራለች። x ካገኘች ደግሞ መልሳ ታስገባዋለች፤ ለምሳሌ 3ኛው ላይ 5ን ብታስገባ 5 − 2(5 − 3) ትክክል 1 ይመጣል፣ −1ን ብታስገባ ግን 13 ነው የሚመጣው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የጥናት ሰዓት መጨመር ግን አያስፈልጋትም፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠይቅዎትም።

በመጨረሻ፣ ዋናውን ወረቀት ሰኞ ወደ ደሴ ስትመለስ ይዛው ትምጣ። ፎቶው ላይ የቀኝ ጥጉ ተቆርጦ የ14ኛው ጥያቄ ሥራ በከፊል ጠፍቷል፤ ራይት ቢደረግላትም እንዴት እንደደረሰችበት ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ጊዜ ሲያነሱልኝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መስኮት አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ አድርገው ቢያነሱት ይበቃል።

አክባሪዎ
ጥሩወርቅ፣ የሐያት አስጠኚ