የድሬዳዋ ፈጢራ፦ የ58 ሰከንድ ቪዲዮ ስክሪፕት

ቪዲዮው በስልክ ቁመት የሚቀረጽ ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 58 ሰከንድ ነው። ቀረጻው በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ግቢ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከናወናል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ቬንትሌተር መክፈት የግድ ይሆናል፤ ጩኸቱም ድምፃችንን ያበላሽብናል። ሊጡን የምታዘጋጀው እናቴ ናት፤ ትረካው የእኔ ነው። አንዱ ስልክ ከጠረጴዛው በላይ በማቆሚያ ታስሮ ወደ ታች ያያል፤ ሁለተኛው በካሜራ ባለሙያው እጅ ይሆናል።

በስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይወጣል። በነጭ የሚጻፈው የግብዓቱ ስምና መጠን ነው። በቢጫ የሚጻፈው ደግሞ ሥራው በማዕድ ቤት ውስጥ በእውነት የሚወስደው ጊዜ ነው። ሁለቱም በስክሪኑ የላይኛው ሲሶ ይቀመጣሉ፤ ታችኛው ክፍል በቪዲዮው መግለጫና በምልክቶች ይሸፈናልና። ቢጫው ጽሑፍ በምንም ምክንያት እንዳይቀነስ አርታኢውን አደራ እላለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ምግብ በ58 ሰከንድ ሲታይ፣ ተመልካቹ የዕረፍቱን ጊዜ ሳያውቅ ቀርቶ ሊጡ በእጁ ላይ ቢቀደድበት ጥፋቱ የእኛ ነው።

ከ0:00 እስከ 0:05

የእናቴ እጆች የተዘረጋውን ሊጥ ወደ ብርሃኑ ያነሡታል፤ ጣቶቿ ከሊጡ ጀርባ ይታያሉ። ቪዲዮው ያለ ምንም ሰላምታ በዚህ ምስል ይጀምራል።
ነጭ ጽሑፍ፦ የድሬዳዋ ፈጢራ
ትረካ፦ «እጅ ከጀርባው እስኪታይ ድረስ የሳሳ ሊጥ፤ የድሬዳዋ ፈጢራ እንዲህ ይጀመራል።»

ከ0:05 እስከ 0:12

ከላይ በሚያየው ስልክ፣ ሰፊ ሳህን ውስጥ ዱቄቱ፣ ጨው፣ ዘይትና ውኃ በተራ ይገባሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ግብዓቱ ሳህኑን በነካበት ቅጽበት ይወጣና እስከ ትዕይንቱ መጨረሻ ይቆያል፤ ስለዚህ የመጨረሻው እንኳ ለመነበብ ሁለት ሰከንድ ያገኛል።
ነጭ ጽሑፍ፦
በ0:05 — 250 ግራም ፊኖ ዱቄት
በ0:06 — ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው
በ0:08 — 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
በ0:10 — 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ
ትረካ፦ «ለሁለት ፈጢራ ሩብ ኪሎ ፊኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ዘይትና ለብ ያለ ውኃ እናዘጋጃለን።»

ከ0:12 እስከ 0:20

ሦስት አጫጭር ምስሎች ይከተላሉ፤ በመጀመሪያው ሊጡ ሻካራና የተበጣጠሰ ነው፣ በሁለተኛው ተሰብስቧል፣ በሦስተኛው ለስልሶ ያብረቀርቃል። ተመልካቹ የራሱን ሊጥ ከእነዚህ ጋር እንዲያመሳክር ብርሃኑ በሦስቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።
ቢጫ ጽሑፍ፦ 10 ደቂቃ
ትረካ፦ «ውኃውን ቀስ በቀስ እየጨመርን ለዐሥር ደቂቃ እናሸዋለን፤ ሲለሰልስ እጅ ላይ መጣበቁን ያቆማል።»

ከ0:20 እስከ 0:27

ሊጡ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ድብልብሎች ዘይት ተቀብተው በሳህን ይከደናሉ። ምስሉ ሳይቆረጥ የጥላው መንቀሳቀስ በፍጥነት እንዲታይ ስልኩ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ከቦታው አይነሣ።
ነጭ ጽሑፍ፦ ለመቀባት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
ቢጫ ጽሑፍ፦ 30 ደቂቃ ዕረፍት፤ ቀዝቀዝ ባለ አገር 45 ደቂቃ
ትረካ፦ «ለሁለት ከፍለን፣ ዘይት ቀብተን ግማሽ ሰዓት እናሳርፈዋለን። ይህን ማሳጠር አይቻልም።»

ቀዝቀዝ ስላለው አገር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይላላል፤ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ሐረር ግን ያው ሊጥ በሠላሳ ደቂቃ ሲዘረጋ ወደ ኋላ ይሰበሰባል።

ከ0:27 እስከ 0:38

ዐሥራ አንድ ሰከንድ ለዚህ ትዕይንት የሰጠሁት የፈጢራ ሙያ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው ዘይት ተቀብቷል። እናቴ ድብልብሉን በመዳፏ ጠፍጥፋ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች፣ ቀጥሎም ጠርዙን እያነሣችና እየሳበች ወደ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ታደርሰዋለች። በዚህ መካከል ሙዚቃ አይኑር፤ ሊጡ ጠረጴዛውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ይበቃል።
ትረካ፦ «ከመሃል ወደ ዳር በመዳፋችን እንገፋዋለን፤ በጥፍር አንነካውም።»
እኔ፣ ከካሜራው ጀርባ፦ «እማዬ፣ አሁን አይበቃም?»
እናቴ፣ ሊጡን እያየች፦ «አልበቃም ልጄ፤ እጄ ይታይሽ።»
ቢጫ ጽሑፍ፦ 3 ደቂቃ

ትንሽ ቀዳዳ ብትፈጠር ቀረጻው አይቋረጥ፤ ሊጡ ስለሚታጠፍ ቀዳዳዋ ትሸፈናለች፤ ተመልካቹም ይህን ማየቱ ያበረታታዋል።

ከ0:38 እስከ 0:44

የተዘረጋው ሊጥ መካከለኛ ሙቀት ባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ይነጠፋል። እንቁላሉ ቀድሞ በቁንጥር ጨው ተመትቶ በአጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ ሊጡ ምጣዱን ከነካ በኋላ ለማጠፍ ያለን ጊዜ ከ20 ሰከንድ አይበልጥም፣ ከዚያ በኋላ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰበራል። የእናቴ እጅ ካሜራ ስለማይጠብቅ ሁለቱም ስልኮች ቀድመው ይከፈቱ። ሁለት ፈጢራ የምንሠራውም አንዱ ቀረጻ ቢያመልጠን ሁለተኛው እንዲተካው ነው።
ነጭ ጽሑፍ፦ ለእያንዳንዱ 1 እንቁላል
ትረካ፦ «ምጣዱ ላይ አንጥፈን የተመታ እንቁላል መሃሉ ላይ እናፈሳለን፤ አራቱንም ጠርዝ ቶሎ እናጥፋለን።»

በሐረር እንቁላሉ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው የሚጨምሩ አሉ፤ እኔም እጅግ እወደዋለሁ። ነገር ግን እኛ ማር ስለምናፈስበት በዚህ ቪዲዮ አይገባም፤ ሌላ ቪዲዮ ይሠራለታል።

ከ0:44 እስከ 0:52

ፈጢራው በአራት ማዕዘን ቅርጹ ምጣዱ ላይ ነው። እናቴ በመጥበሻ ማንኪያ ትገለብጠዋለች፤ ወርቃማው ጎን ወደ ላይ ሲዞር ምስሉ ለአንድ ሰከንድ ይዘገያል። የዘይቱ መንጣጣት ከትረካው በታች ይሰማ።
ቢጫ ጽሑፍ፦ በእያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ
ትረካ፦ «በመካከለኛ ሙቀት እያንዳንዱን ጎን ሦስት ደቂቃ እናበስላለን፤ ሙቀቱ ከበዛ ውጭው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።»

ከ0:52 እስከ 0:58

ማሩ ከማንኪያው በቀጭኑ ይወርዳል። በከተማችን ሙቀት ማር ለብቻው ስለሚቀጥን ማሞቅ አያስፈልግም። እናቴ ፈጢራውን በእጇ ቆርሳ እንፋሎቱ ሲወጣ ቁራሹን ወደ ካሜራው ትዘረጋለች፤ ምስሉ እጇ እንደተዘረጋ ያበቃል።
ነጭ ጽሑፍ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር
ቢጫ ጽሑፍ፦ ጠቅላላ ጊዜ 1 ሰዓት ያህል
ትረካ፦ «ከምጣዱ እንደወጣ ማር እናፈስበታለን፤ በትኩሱ ይበላል።»
እናቴ፦ «እንኩ፣ ቅመሱ።»