የሄፓታይተስ ቢ ሴሮሎጂ፦ የላቦራቶሪ ጥያቄ ከነእርማት መልሱ

ጥያቄ (10 ነጥብ)። ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የተላኩ ሦስት የሴረም ናሙናዎች ደብረ ብርሃን ላይ ተሠርተው ማሽኑ ይህን አትሟል፦

```
     HBsAg  anti-HBs       anti-HBc  IgM anti-HBc
01   POS    NEG            POS       POS
02   POS    NEG            POS       NEG
03   NEG    186 mIU/mL     NEG       NEG
```

01፦ የ24 ዓመት ወጣት፤ ሁለት ሳምንት የምግብ ፍላጎት አጥቶ ሰንብቶ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።
02፦ ለእርግዝና ክትትል የመጣች፣ ምንም የማያማት ሴት፤ ከ8 ወር በፊትም ኤስ አንቲጅኗ ፖዘቲቭ ነበር።
03፦ የ27 ዓመት ነርስ፤ የክትባት ካርዷ ጠፍቷል።

ሀ) አኪዩቱን፣ ክሮኒኩንና የተከተበችውን ለዩ፤ ምክንያታችሁን ጻፉ።
ለ) 01 ከወራት በኋላ ሲመለስ ኤስ አንቲጅኑም አንቲ ኤችቢኤሱም ኔጋቲቭ፣ ኮር አይጂኤሙ ግን ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ትላላችሁ?

መልስ

ሀ) 01 አኪዩት ነው። የሚለየው በኮር አይጂኤም እንጂ በኤስ አንቲጅን አይደለም፤ እሱማ 02 ላይም ፖዘቲቭ ነው። ኤስ አንቲጅን ቫይረሱ አለ ይላል፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ግን አይናገርም። «ፖዘቲቭ ስለሆነ አኪዩት» ብሎ ለጻፈ ነጥብ የለም። ክሮኒክ ሕመም ሲያገረሽም አይጂኤም በትንሹ ሊመለስ እንደሚችል ያነሳ ተማሪ ግን ጥሩ አስቧል፤ ስለዚህ ከ6 ወር በኋላ ኤስ አንቲጅኑ መጥፋቱ መታየት አለበት።

02 ክሮኒክ ናት፦ አይጂኤም የለም፣ ኤስ አንቲጅኑም ከ6 ወር አልፏል። የድሮው ውጤት ባይኖር ኖሮ «ክሮኒክ ሳትሆን አትቀርም» ከማለት አናልፍም ነበር። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንዳለበት ለክትትል ክፍሉ ማሳወቅ ይገባል።

03 የተከተበች ናት። ክትባቱ የቫይረሱን የላይኛውን ፕሮቲን ብቻ ስለያዘ ሰውነቷ ኮሩን አያውቀውም፤ የኮር አንቲቦዲም አይኖራትም። ጠቅላላ ኮሯ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ ታማ የዳነች እንላት ነበር። 186 ከመከላከያው ወለል ከ10 በብዙ ይበልጣል። «በሕፃንነቷ ተከትባ ነው» ያለ ግን ይጠንቀቅ፤ ክትባቱ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሷ ያን ጊዜ ሕፃን አልነበረችም።

ለ) ዊንዶ ፔሬድ ነው፦ አንቲጅኑ ወርዷል፣ አንቲቦዲው ገና አልታየም። ጤና ጣቢያ ያለው ፈጣን ስትሪፕ ኤስ አንቲጅንን ብቻ ስለሚፈልግ ይህን ሰው ኔጋቲቭ ብሎ ይሸኘዋል። «ነፃ ነው» ተብሎ አይጻፍለት፤ ደምም አይለግስ፤ አንቲ ኤችቢኤሱ እስኪወጣ በቀጠሮ ይደገምለት።