ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አባባ

ለውስጥ ደዌ ክፍሏ ሲስተር፣ ከአባታችን ባለቤትና ከአራት ልጆቻቸው የቀረበ የምስጋና ግጥም

ሲስተር፣ ይህን ቃል በአራት ልጆች እጅ፣ በእናታችን አንደበት የጻፍነው፣
ያን ዕለት በደጃፉ በችኮላ ያልንሽ «እግዜር ይስጥልን» አልበቃ ስላለን ነው፤
ሻንጣ ተሸክመን፣ ታክሲ አስቁመን፣ መድኃኒቱን ቆጥረን ስንወጣ፣
ልባችን የተሸከመው ምስጋና ግማሹም እንኳ ከአፋችን ሳይወጣ፣
ሦስት ወር አብሮን ኖረ፤ ዛሬ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀመጥንና፣
አንዱ የረሳውን ሌላው እያስታወሰ ጻፍነው ይህን ምስጋና።

ሐምሌ 19 ነበር፤ አባታችን ለገብርኤል ንግሥ ማልደው ሄደው፣ ደጁን ስመው፣
ነጠላቸውን ዝናብ እንዳራሰው ከቤታችን በር ደርሰው፣
«ቡናው ደረሰ ወይ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቃሉ ከምላሳቸው ጠፋ፤
ከንፈራቸው ወደ አንድ ወገን ዞረ፤ ዓይናቸው ፈጦ ሰፋ።
አርባ ዓመት መቀስና መርፌ የያዘ፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰ የልብስ ሰፊ እጅ፣
የወደቀ ነጠላውን ማንሳት አቃተው በገዛ ቤቱ ደጅ።

ሐኪሙ ፊልሙን በብርሃን ላይ አሳየን፤ በራሳቸው ግራ ጎን ደም የሚያደርሰው ሥር እንደተዘጋ፣
ግፊታቸውም 210 በ120 እንደሆነ፣ መጪዎቹ ቀናት እንደሚያሰጉ ነግሮን ወደ ሌላ በሽተኛ ተጠጋ፤
«ክኒኑን ያቆሙት መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መሬት መሬቱን አየን፤
ደህና ነኝ ብለው ከፋሲካ ጀምሮ ሲተዉት ዝም ብለን ነበርን፣ ሁላችን እያየን።

ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ተሰጣቸው፤
በአፍንጫቸው ቱቦ ገባ፣ በክንዳቸው ግሉኮስ፣ ኦክስጅንም ተደረገላቸው፤
ዓይናቸውን ቢገልጡም የሚያዩን አልመሰለንም፤ ስንጠራቸው አልመለሱልንም፤
እኛም፣ ኀፍረታችንን ሳንደብቅ እንናገረውና፣ የሚሰሙ አልመሰለንም።

በሁለተኛው ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ ቆመን፣ ለእድሩ ማን ይደውል፣
ድንኳኑ የት ይተከል፣ ከሀገር ቤት የሚመጣው ዘመድ ማን ቤት አድሮ ማን ቤት ይውል
እየተባባልን ስንንሾካሾክ፣ አንቺ የደም ግፊት መለኪያውን ይዘሽ መጣሽ፤
አልተቆጣሽንም፤ እናታችንን በክንዳቸው ደግፈሽ ሁላችንንም ወደ ኮሪደሩ አወጣሽ፤
«አንደበታቸው ነው እንጂ የታሰረው፣ አባባ ይሰማሉ፤
ይህን እዚህ ተነጋገሩት፤ እዚያ ስትገቡ ስለ ቤቱ አጫውቷቸው፤ የሰሙትን ሁሉ ተኝተው ያስባሉ» አልሽን።
ከዚያም ተመልሰሽ ገባሽና፣ ጎንበስ ብለሽ ወደ ጆሯቸው፣
ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ጤነኛ ሰው ስታነጋግሪያቸው፣
«አባባ፣ እንደምን አመሹ? ዛሬ እሑድ ነው፤ አራት ሰዓት ሆኗል፤
ዝናቡ አልቆመም፤ ልጆችዎ አሉ፤ አሁን ወደ ግራ የማዞርዎት ሰዓት ደርሷል» ስትይ ሰማንሽ።

ከመድኃኒት ካርቶን ቀድደሽ፣ በእስክሪብቶ አስምረሽ፣ በፕላስተር ከግድግዳው የለጠፍሽው ወረቀት፣
«2 ሰዓት ቀኝ፣ 4 ሰዓት ግራ፣ 6 ሰዓት ጀርባ» የሚለው፣ ከየመሥመሩ ጫፍ ፊርማሽ ያለበት፣
ዛሬ እኛ ቤት ነው፤ ስንወጣ ነቅለን ወሰድነው፣ ፈቃድሽን ሳንጠይቅ፤
ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አኑረነዋል፣ እንደ ትልቅ ዕቃ እንዲጠበቅ።
ራሱን ማዞር ያልቻለ ሰው የሚተኛበት ሥጋ ደም ያጣል፣ ይቆስላል፤
የአልጋ ቁስል ከገባ አንዱን ሲያድኑ ሌላው ይነሣል፤
ይህን ያወቅነው ከአንቺ ነው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትይ አንሶላውን በሁለት ወገን አንሥተን፣
ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ የተጠቀለለ ጨርቅ ከሥሩ አስገብተን፣
ጀርባቸውን በመዳፍሽ እየዳሰስሽ የቀላ ቆዳ እንዳለ ፈለግሽ፤
መብራት በጠፋበትም ሌሊት የስልክሽን ብርሃን ለታናሿ ልጃቸው አስይዘሽ ሥራሽን ቀጠልሽ።
በ23 ቀን ውስጥ በአባታችን ገላ ላይ አንዲት ቁስል አልወጣችም፤
ያልመጣች ክፉ ነገር ናትና በሕመም ካርዳቸውም አልተጻፈችም፤
እኛ ግን እንጽፋታለን፤ በየሌሊቱ ስንት ጊዜ ጎንበስ ቀና እንዳልሽ ያየን እኛ ነን፤
የአባታችንን ገላ ከቤታችን በወጣበት ንጽሕናው የተቀበልን እኛ ነን።

እናታችን በፔርሙስ አጥሚት ይዘው መጥተው፣ «በአፋቸው አንድ ማንኪያ ብቻ» ብለው ሲለምኑ፣
«እማማ፣ መዋጥ ሳይችሉ የሰጠናቸው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ጥቂት ይታገሡ፣ አይዘኑ»
አልሽና፣ አጥሚቱን አቅጥነሽ አጥልለሽ፣ ራሳቸውን በትራስ ከፍ አድርገሽ፣
«ይህ የባለቤትዎ እጅ ነው፣ አባባ፤ አብሽም አለበት» ብለሽ በቱቦው ቀስ እያልሽ ሰጠሽ።
ከንፈራቸው ሲደርቅ በእርጥብ ፋሻ አበስሽ፤ ፂማቸው ሲያድግ ወንድማችንን ምላጭ አስመጣሽው፤
«አባባ ሰው ፊት ሳይላጩ የሚወጡ ሰው አይመስሉም» ብለሽ እጁን ይዘሽ አስጀመርሽው፤
እውነትሽን ነው፤ አባታችን ያልተላጩበትን ቀን እኛ ልጆቻቸው አናውቅም፤
አንቺ ይህን እንዴት እንዳወቅሽ ግን እስከ ዛሬ አልገባንም።

ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ነሐሴ 1፣ ከወደቁ በአሥራ ሦስተኛው ንጋት፣
ተረኛነትሽ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር፣ ዓይንሽ ቀልቶ ከድካም ብዛት፣
እንደ ልማድሽ ሙቀታቸውን ለክተሽ፣ «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» አልሽ፤
«ዛሬ…» ብለሽም ጀመርሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመሻልና ቀኑ ለጊዜው ጠፋብሽ።
ከትራሱ ላይ፣ ከርሞ እንደሚከፈት በር፣ የሚጎተት፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ፤
«ሐ…ሙስ» አሉ አባታችን፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው ቃል መጣ።
እናታችን እልል ሲሉ የማናውቀው አስታማሚ ሁሉ ከየአልጋው ሥር እልልታውን ተቀበለ፤
አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ቆምሽ፤ ትከሻሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንባሽን መያዝ ስላልተቻለ።
ከዚያ በሻይ ማንኪያ ውኃ እየሰጠሽ፣ ጉሮሯቸውን እየተመለከትሽ፣ ሳል እንዳይመጣ ጠበቅሽ፤
በማግስቱም ደግመሽ ሞክረሽ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ አጥሚቱ በማንኪያ ነው» ብለሽ አበሠርሽ።

ቃላቸው ጥቂት በጥቂት ሲመለስ የነገሩን አለ፤ አንቺም ትስሚው ዘንድ እዚህ ጻፍነው፤
ቀንና ሌሊት ተደባልቆባቸው፣ በጥልቅ ጉድጓድ ያሉ መስሏቸው ሳለ፣ የያዙት ገመድ ድምፅሽን ነው፤
«ማክሰኞ ስትለኝ ማክሰኞን ይዤ፣ ረቡዕ ስትለኝ ወደ ረቡዕ ተሻገርኩ፤
ቀኑን የሚነግሩት ሰው ገና አልሞተም ብዬ በእሷ ቁጥር ቆጠርኩ» አሉ።
የድንኳኑንም ወሬ ሰምተውታል፤ ሲነግሩን እኛ በኀፍረት አንገታችንን ደፋን፤
እሳቸው ግን «ያቺ ልጅ ስታስወጣችሁም ሰምቻለሁ» ብለው በግራ እጃቸው አቀፉን።

አንድ ማለዳ ስለ ልዕልት ፀሐይ አወጉን፤ የንጉሥ ልጅ ሆና ሳለ በስደቱ ዘመን፣
በእንግሊዝ ሀገር ነርስነትን ተምራ፣ በገዛ እጇ በሽተኛ ማስታመሟን፤
በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ማረፏን ሲያነሡ ድምፃቸው ሰለለ፤
«የንጉሥ ልጅ የመረጠችው ሙያ ነው፤ ክብሩን የሚያውቀው ግን አልጋ ላይ የዋለ» አሉና አንቺ ወደምትመጪበት በር አዩ።

ሌሊቱን ሁለት ሆናችሁ ከሃያ በላይ በሽተኛ ስትጠብቁ አይተናል፤
አንዱ ሲጣራ ሌላው ሲያቃስት፣ «መጣሁ» ብለሽ ሳትመጪ የቀረሽበት ጊዜ እንዳልነበረ እንመሰክራለን፣ አይተናል፤
በጾሙም ቅዳሴ እስኪወጣ አንቺ እህል ሳትቀምሺ ሰውን ስታጎርሺ ውለሻል፤
በጎረቤት አልጋ የነበሩት አዛውንት ያረፉ ሌሊት ዓይናቸውን ከድነሽ፣ ልጃቸውን አቅፈሽ አልቅሰሻል።
ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ መጣሽ፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና አባታችንን ልታዞሪ ተጠጋሽ፤
ውኃው በረዶ ነበርና «ይቅርታ፣ አባባ፣ እጄ ቀዝቅዟል» አልሽ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ የመውጫው ወረቀት ሲጻፍልን፣
ክኒኑን በየዓይነቱ ደርድረሽ፣ ጠዋቱን በፀሐይ፣ ማታውን በጨረቃ ሥዕል ለይተሽልን፣
«ደህና ነኝ ቢሉም እንዳይቋረጥ፤ ግፊት ሳያሳምም ነው ሰውን የሚጎዳው፤
ጨውም ይቀነስ፤ ቀኝ እጃቸው ሥራ ይሰጠው፤ ካልሠራ ነው የሚረሳው» አልሽ።
ይህን ስትናገሪ እያንዳንዳችንን ዓይን ለዓይን አየሽን፤ ወቀሳ ግን አልነበረበትም፤
ከዚያ ወዲህ ክኒኑ የታለፈበት ማለዳ፣ የታለፈበትም ምሽት የለም።
ታክሲው ሰፈራችን ሲገባ ልጆቹ በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ይሉ ነበር፤
አባታችን መስኮቱን አስከፍተው፣ በተሰባበረ ቃል ሊቀበሏቸው ሲሞክሩ፣ የእናታችን ሳቅ ከእንባቸው ጋር ይታገል ነበር።

እናታችን ምርቃታቸው በራሳቸው ቃል እንዲጻፍ አዘዋልና እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፤
እንቅልፍ ያጣሽበትን ሌሊት ሁሉ አምላክ በጤናና በዕድሜ ይተካው፤
የወለዱሽ እናት በአንቺ ደስ ይበላቸው፤ ስታረጂ ቀኑን የሚነግርሽ አትጪ፤
ቡናዬ ላይ አንድ ቀን ሳትቀመጪ እንዳትቀሪ፤ ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ ነይ፣ ምጪ።»

አሁን አባታችን በከዘራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሄዳሉ፤
ቃል ሲጠፋባቸው ቆም ብለው ይጠብቁታል፤ ሲያገኙትም ይስቃሉ፤
ከሐምሌ ጀምሮ በአንሶላ የተሸፈነችውን የስፌት መኪና ባለፈው ሳምንት ገለጧት፤
ፔዳሏን በእግራቸው ሞከሩ፣ ዘይትም አስቀቧት፤
ከዚያ መርፌ አንሥተው፣ ክሩን በከንፈራቸው አርጥበው፣ በቀኝ እጃቸው ወደ ቀዳዳው ላኩ፤
እንርዳዎት ስንል በዓይናቸው ከለከሉን፤ ሰባት ጊዜ ስተው በስምንተኛው አሳኩ።
ይህ ግጥም የተጠቀለለበት ነጭ መሐረብ፣ ሲስተር፣ የእሳቸው ሥራ ነው፤
መኪና አልነካውም፤ ዙሪያውን በመርፌ የዘመዘሙት በዚያው በቀኝ እጃቸው ነው፤
በመጀመሪያው ጠርዝ ስፌቱ ይዋዥቃል፣ ክሩም አንዳንድ ቦታ ላልቷል፤
በአራተኛው ጠርዝ ላይ ግን፣ ወደ ብርሃን አውጥተሽ እይው፣ ቀጥ ብሏል።

ባለቤታቸውና አራት ልጆቻቸው
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.