እንኳን ተወለድሽ፣ ሰብልዬ

ሰብልዬ፣ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህ ለኅዳር ሚካኤል እንዲደርስሽ ቀደም ብዬ የጻፍኩት ነው። የሌሊት ተረኛ ከሆንሽ ቤትሽ ገብተሽ፣ ትንሽ ተኝተሽ፣ ከዚያ አንብቢው። የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

እንኳን ተወለድሽ። አርባቸው ሳይወጣ ልደት ማንሳት ነውር እንዳይሆን ብዬ አስቤበት ነበር። ዝም ብልሽ ግን ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል፤ እሱን አልፈለግኩም። እናትሽ እትዬ በላይነሽ በሕይወት ቢኖሩ ገና ሳይነጋ ደውለው ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅሱሽ ቀን ነው። ዘንድሮ ያ ስልክ አይደወልም። ማንም ሊተካው አይችልም፣ እኔም አልሞክርም። ብቻ በዚያ ቀን ስምሽን የሚጠራ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ደስ ይበልሽ አልልሽም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ጓደኞችሽ ኬክ ይዘን እንምጣ ካሉሽ፣ ካልፈለግሽ "ዘንድሮ ይቅርብኝ" በያቸው፤ መርዶሽን ሊነግሩሽ በሌሊት በርሽን ያንኳኩት እነሱ አይደሉም? ይገባቸዋል። መጥተው አጠገብሽ ቁጭ እንዲሉ ከፈለግሽም እሺ በያቸው። በመሐል የሚያስቅ ነገር ተነስቶ ሳቅሽ ካመለጠሽ ደግሞ ሳቂ፣ አትደንግጪ። ጥቁር የለበሰ ሰው አይስቅም ያለ የለም። እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሳቀ!

በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። "ያልቀበርኳትን እናት እንዴት አድርጌ ላልቅሳት?" አልሽኝ። ያን ዕለት አንቺም እኔም እያለቀስን ስለነበር በወጉ አልመለስኩልሽም። ያላየሽውን አሁን ልንገርሽ።

ጡሩንባው የተነፋው ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ነው። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወንድምሽን እንደዚያ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። የካ ሚካኤል ስንደርስ ቅጥሩ ሞልቷል። የሾላ ገበያ ሴቶች ዕቃቸውን ትተው መጥተዋል፤ ሽንኩርት ሲገዟቸው ዕድሜ ልክ የተከራከሯቸው ሁሉ። ፍትሐቱ አልቆ ለቅሶው ሲነሳ እትዬ ሙሉ ወደ ፊት ወጡና "ሰብሌ ባሕር ማዶ ናት፣ እኔ ልጩኽላት" ብለው ስምሽን እየጠሩ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በሙሉ ስምሽን ተቀበሉ። እናትሽ ያለ ልጃቸው አልተቀበሩም። ስምሽ እዚያ ነበረ፣ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

አለመምጣትሽን ማንም አልጠየቀም። ወረቀትሽ ሳያልቅ ብትወጪ መመለሻ እንደሌለሽ እድርተኛው ሳይቀር ያውቃል። ያንን በር ዘግተሽ ነይ የሚሉ እናት አልነበሩሽም።

መታመማቸውን ስለደበቅንሽ ተቀይመሽናል፣ መቀየምም ይገባሽ ይሆናል። ስኳሩ ሲጠናባቸው ዳዊት ሊነግርሽ ስልኩን ሲያነሳ "ተወው፣ ሥራ ላይ ናት፣ ልጄን አታስደንግጥብኝ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ደጋግመው ነው ያሉት። እምቢ ብለን ልንነግርሽ አልቻልንም፣ ሰብልዬ፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ቃል ከባድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቀንሽ ልመልስሽ። የተወለድሽበትን ቀን እሳቸው ሲያወሩት የሰማሁትን ያህል ምንም ወሬ አልሰማሁም። 1984 ዓ.ም.፣ ኅዳር 12። ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን። ምጡ ሲመጣባቸው ከቤት እስከ የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ መንገዱ ሁሉ ጭስ ነበር፤ ዓይናቸው የሚያለቅሰው ከምጡ ይሁን ከጭሱ አላወቁትም። ሲያወሩት ግን መጨረሻው አንድ ነው፤ ደረታቸውን ነፋ አድርገው "ለኔ ልጅ አዲስ አበባ በሞላ ታጠነላት!" ይላሉ። አንቺ አፍረሽ ጓዳ ትገቢያለሽ፣ እኔ ደግሞ "እንደገና ይንገሩን" እላለሁ።

ያ ጭስ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ የቀረ ነው፤ ስንት ቤት ባዶ ያስቀረ በሽታ። በዚያው ቀን ሚካኤል ይነግሣል፣ ታቦት ይወጣል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጠዋት ነጠላውን ለብሶ የሳመ ሰው ማታ ደጁ ላይ እሳት ያያይዛል። አንቺ የተወለድሽው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ዘንድሮ ብታለቅሺም፣ ብትስቂም፣ ሁለቱንም ባንድ ቀን ብታደርጊም ቀኑ ይችለዋል።

ድፎ ዳቦውን ታስታውሺዋለሽ? ሻማ ሱቅ ጠፍቶ፣ እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጧፍ ቆራርጠው ዳቦው ላይ ሰክተው፣ አንቺ "ይሄማ የጸሎት ነው!" ብለሽ አላጠፋም አልሽ። ጧፉ ነዶ ነዶ ዳቦው ላይ ቀለጠ። ሰሙን እየፋቅን በላነው፤ ደግሞ ጣፍጦን ነበር! እስካሁን የልደት ኬክ በበላሁ ቁጥር ያ ዳቦ ይበልጥብኛል።

ወረቀትሽ ላይ ያለው ኖቬምበር 22 ስለሆነ የሥራ ባልደረቦችሽ በማግስቱ እንኳን ደስ አለሽ ይሉሻል። "አመሰግናለሁ" ብለሽ እለፊ። ሁሉን መናገር የለብሽም።

አርባው ኅዳር 17 ነው። ጾም ስለሚገባ ሽሮና ምስሩን፣ ጎመኑን እነ እትዬ ሙሉ ተከፋፍለውታል፤ የላክሽውን ገንዘብ ዳዊት ለካህናቱና ለነዳያን ከፍሎ ለይቶታል። አንቺም እዚያ ባለሽበት ቤተ ክርስቲያን "ወለተ ማርያም" ብለሽ አስጽፊላቸው፣ በአንድ ቀን እናስባቸው።

ከኛ ሰፈር ወደ ሜሪላንድ የምትመለስ ልጅ አለች፣ ዕቃ ይዛልሻለች። በርበሬው እሳቸው በክረምት ያስፈጩት ነው፤ እኔ የጨመርኩበት የለም። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለው ነጠላቸው ነው፣ የየዕለቱ። አላጠብነውም። ዛሬ ልክፈተው ካልሽ ክፈቺው፣ አቅሙ ከሌለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፤ ከርሞም ያው ነው።

በሚካኤል ዕለት እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ማውራት ካልፈለግሽ አታንሺው፣ አልቀየምም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደግሜ እደውላለሁ። ካነሳሽው ደግሞ ዝም ብንባባልም ግድ የለም፣ እኔ ቡና እያፈላሁ እጠብቅሻለሁ።

እንቅልፍሽን ግን አትበድዪ። እህል ቅመሺ። ዳዊት "እቴ እንዴት ናት?" ብሎ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ እሱ ላንቺ መደወል ይከብደዋል፣ ድምፅሽ የእናቱን ይመስለዋልና። አንድ ቀን አንቺ ደውዪለት።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለከርሞው ያድርስሽ፣ ወረቀትሽ አልቆ የካ ሚካኤል አብረን የምንስምበትን ያምጣልን።

እቃው ሲደርስሽ "ደረሰ" ብቻ ብለሽ ላኪልኝ።

ያንቺው ትዕግሥት