የኅዳር 18 እና 19 የበቆሎ ክምችት ሥልጠና፦ ስላይዶች፣ አንድ እርማት እና እስከ ታኅሣሥ 7 የሚሠሩ ሥራዎች

የተከበራችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት መጋዘን ኃላፊዎች፣

ሐሙስና ዓርብ በፍኖተ ሰላም ስለተገኛችሁ እናመሰግናለን። ቃል የገባናቸው ስላይዶች ከዚህ መልእክት ጋር ተያይዘዋል። Bekolo_Kimicha.pdf ሙሉው ነው። ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ፣ ሥዕሎቹ ብቻ ያሉበትን ባለ አንድ ገጽ Keretit_Asasar.pdf አያይዘናል፤ አትማችሁ መጋዘን በር ላይ ብትለጥፉት ይጠቅማል።

በቅድሚያ እርማት። ስላይድ 14 ላይ «ጨው ጠርሙሱ ላይ ካልተጣበቀ በቆሎው ለክምችት ዝግጁ ነው» የሚለው ስህተት ነው፤ በተያያዘው ፋይል ላይ ተስተካክሏል። የጨው ሙከራ የሚለየው እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ጨው መጣበቁን ካቆመ በኋላም በቆሎውን በሸራ ላይ በስሱ አስጥታችሁ፣ ቶሎ ቶሎ እያገላበጣችሁ፣ ተጨማሪ ሁለት ጥሩ የፀሐይ ቀናት ስጡት። የእርጥበት መለኪያ ያላችሁ ማኅበራት ግን በመለኪያው ተማመኑ።

ሙከራው ራሱ እንዲህ ነው፦ በደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ፣ በላዩ በፀሐይ የደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡና 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ብዙዎቻችሁ በተግባሩ ላይ የተሳሳታችሁት እዚህ ነው፤ እርጥብ ጨው ወይም ታጥቦ ያልደረቀ ጠርሙስ ደረቁን በቆሎ እርጥብ አስመስሎ ያሳያል።

ይህን ያህል የምንጨቀጭቀው በሥልጠናው ያያችሁት ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት እህል ስለማያደርቅ ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ነቀዙና እህሉ በሚተነፍሱበት ጊዜ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመናመንና ነቀዙ መብላትም መራባትም ያቆማል። እርጥብ በቆሎ ከገባ ግን እርጥበቱም አብሮ ይታሸጋል፤ በቆሎው ይሻግታል። ገበሬው ያኔ «ከረጢቱ አበላሸብኝ» ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይገዛም። ደግሞም የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ በመቀቀል አይጠፋም።

ስለ አስተሳሰር ለተነሳው ክርክር መልሱ ይህ ነው። የመጀመሪያውን የውስጥ ላስቲክ ሞልታችሁ፣ እየነቀነቃችሁ ካስቀመጣችሁት በኋላ ለማሰሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አፉን ተዉ። አየሩን ተጫኑና አውጡ፤ አፉን ጠምዝዙ፤ እሰሩ፤ እጠፉ፤ በዚያው ገመድ ድገሙ። ከዚያ ሁለተኛውን ላስቲክ ለብቻው፣ በመጨረሻም የውጩን ጆንያ ለብቻው። ሦስቱን ባንድ ላይ አንቆ ማሰር አየር ያስገባል፤ በተግባሩም ያየነው ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው። የቆረቆንዳ ስብርባሪ ካልተበጠረ ላስቲኩን ይበሳል። ያገለገለ ላስቲክ ስትጠቀሙ አየር ሞልታችሁ ጠምዝዙና እየተጫናችሁ በጉንጫችሁ ስር አዙሩት፤ ነፋስ ከተሰማችሁ ተበስቷል።

ከረጢቱ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ነቀዝን ይከለክላል እንጂ አይጥን አይከለክልም። ውስጡ የፎስፊን እንክብል መጨመር አያስፈልግም፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ደግሞ ገዳይ ነው።

ጊዜ አጥሮን ሳንመልሳቸው የቀሩ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። ለጤፍ ይሆናል? ይሆናል፣ ነገር ግን ጤፍን ነቀዝ እምብዛም ስለማይነካው ገንዘቡን ለበቆሎ፣ ለባቄላና ለሽምብራ አውሉት። መቼ ይከፈት? ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይቆይ። በየሳምንቱ እየተከፈተ የሚበላበት ከረጢት ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ለቤት ቀለብ የሚሆነውን በ50 ኪሎ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ የቀረው 100 ኪሎ ኩንታል ታሽጎ ይቆይ።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው፦ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 3 እያንዳንዱ ቀበሌ ለማሳያ የሚሆን አንድ ፈቃደኛ ገበሬ መርጦ በቴሌግራም ግሩፑ ያሳውቅ። ማክሰኞ ታኅሣሥ 7 ከአንድ ክምር የወጣ በቆሎ አንዱ በሦስት ሽፋን ከረጢት፣ ሌላው በተራ ጆንያ፣ እኩል 50 ኪሎ ተመዝኖ ይታሰር፤ ቀኑና ክብደቱ በጆንያው ላይ ይጻፍ። ሐሙስ መጋቢት 10 ገበሬዎች በተሰበሰቡበት ሁለቱም ይከፈታሉ። ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች 100 100 ፍሬ ቆጥራችሁ የተበሳውን መዝግቡ፣ ክብደቱንም በድጋሚ መዝኑ። እስከዚያ ድረስ ለማሳየት እንኳ አትክፈቱት።

ለማሳያው የሚሆኑ ከረጢቶችን ለመጋዘን ኃላፊዎች ከታኅሣሥ 4 በፊት እናደርሳለን። ጥያቄ ካላችሁ ለዚሁ መልእክት መልሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥልጠናው አስተባባሪዎች