የ4 ጆንያ ቡና ጉድለትን የሚመለከት የምርመራ ሪፖርት

ለ፦ ቡና ማበጠሪያው ሥራ አስኪያጅ፣ ጅማ
ከ፦ 3 አባላት ካሉት አጣሪ ኮሚቴ
ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ

ማክሰኞ ጥር 13 በተደረገ ቆጠራ 4 ጆንያ የተበጠረ ቡና ከመዝገብ ጎደለ። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ስለሆነ ጉድለቱ 240 ኪሎ ነው። የመጋዘን ኃላፊው በዕለቱ የሌሊት ጥበቃውን ከሰሱ። ጥበቃው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ደመወዝ ታግደዋል። ኃላፊው የቡናው ዋጋ ከጥበቃው ደመወዝ እንዲቆረጥም ጠይቀዋል።

6 ሰዎችን ለየብቻ አነጋግረናል። ሁሉም ቃላቸው ተነቦላቸው ፈርመዋል። ስም ያልጠቀስነው ሆን ብለን ነው።

ምስክሮች ያሉት

የመጋዘን ኃላፊው ቅዳሜ ጥር 10 ለአዲስ አበባ 120 ጆንያ መጫኑን፣ ቆጠራውንም እስከ መጨረሻው ቆመው መከታተላቸውን ተናገሩ። ጥበቃውን የጠረጠሩት በሁለት ምክንያት ነው። ያለ ተራቸው ገብተዋል፤ ማታም ባጃጅ ግቢ ገብቶ ወጥቷል።

ጥበቃው ባጃጅ መግባቱን አልካዱም። «ሁለት ማዳበሪያ ገለባ ነው የወሰደው፤ ለማገዶ ሁሌም ይወስዳል» ብለዋል። ተራ ስለመቀየራቸው ሲጠየቁ፣ «ጓደኛዬ ከተራ ይውጣ ብዬ ነው። እሱም በአረፋ ይገባልኛል» አሉ። ባልደረባቸውን ስንጠይቅ ይህንኑ አረጋገጡልን።

ከበሩ ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጡት እናት የመጀመሪያ ቃላቸው ጥበቃውን የሚጎዳ ነበር፤ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ባጃጁ ጆንያ ጭኖ ወጣ» የሚል። እንዴት እንደተጫነ ስንጠይቃቸው ግን «ልጁ በአንድ እጁ ወርወር አደረጋቸው» አሉ። 60 ኪሎ በአንድ እጅ አይወረወርም። ቡና ተሰርቋል የሚለውን በኋላ ሰፈር ሲወራ ሰሙ እንጂ በዓይናቸው አላዩም።

የጫኝና አውራጅ አለቃው በመጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ አምስት አምስት እያሰመሩ ቆጥረዋል። «24 አምስትና 3 ነው» አሉ፤ 123 ማለት ነው። ሰረዞቹ ሳይጠፉ ጥር 14 ፎቶ አንስተናል። አለቃው እንደሚሉት ኃላፊው «ታቦት ሊወጣ ነው፣ ቶሎ በሉ» ብለው ማውጫ ሰነዱን ፈርመው ጭነቱ ሳያልቅ ሄደዋል።

ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተኝተው ስለነበር ስለ ቆጠራው አያውቁም።

ያገኘነው

አዲስ አበባ የተረከበው ወገን በሰነዱ ቅጂ ላይ 123 ጆንያ ብሎ ፈርሟል። ከጠመኔው ቆጠራ ጋር ልክ ይገጥማል። ሁለቱ ቆጣሪዎች አይተዋወቁም፤ ስለዚህ ይህን ከማንኛውም ቃል በላይ አምነነዋል። ከጎደሉት 4 ጆንያዎች 3ቱ አልተሰረቁም ማለት ነው፤ ሳይመዘገቡ ተጭነዋል።

ይህን ለመጋዘን ኃላፊው አሳይተን መልስ ጠየቅን። ጭነቱ ሳያልቅ መሄዳቸውን አመኑ። «በዓል ነበር፣ ለዓመታት እንዲህ ነው የምንሠራው» ብለዋል። እውነት ነው፤ ከእሳቸው በፊትም ሰነድ እየተፈረመ ጭነት ይቀጥል እንደነበር ሌሎቹም ነግረውናል። ግን የመጀመሪያ ቃላቸው ትክክል አልነበረም፤ አንድ ሰውም በዚያ ቃል ታግዷል።

የቀረው 1 ጆንያ የት እንደገባ አላወቅንም። ከዚያ በፊት ሙሉ ቆጠራ የተደረገው ታኅሣሥ 30 ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ መቼ እንደጎደለ የሚያሳይ ነገር የለም።

ኃላፊውና ጥበቃው ከዚህ በፊት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ተጣልተዋል። ክሱ ከዚያ የመነጨ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃ ስላላገኘንለት አልተቀበልነውም።

መደምደሚያ

በጥበቃው ላይ የቀረበው የስርቆት ክስ አልተረጋገጠም። ተራ መቀየራቸው በቃል መሆኑ የአሠራር ጉድለት ነው፤ ጥርጣሬ ግን አይሆንም። የመጋዘን ኃላፊው ቆጠራ ሳያልቅ መፈረማቸውና ለኮሚቴው ትክክል ያልሆነ ቃል መስጠታቸው ተረጋግጧል። ለራሳቸው ጥቅም አድርገውታል የሚያሰኝ ነገር አላየንም።

የውሳኔ ሐሳብ

ጥበቃው ነገውኑ ወደ ሥራቸው ይመለሱ፤ የተያዘው ደመወዛቸውም ይከፈላቸው። ክሱ በሠራተኞች ፊት ስለተነገረ መሰረዙም በዚያው መልክ ይነገር።

የዋጋ ቆረጣው ጥያቄ ውድቅ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። እዚህ አንዱም የለም።

ለመጋዘን ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። ከሥራ ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ተነስቶ ነበር፤ 2 ለ1 ወድቋል። ልማዱ የቆየ ስለሆነና መሥሪያ ቤቱም ዝም ብሎ ስላየው ከብዶናል።

ከአሁን በኋላ ማውጫ ሰነድ የመጨረሻው ጆንያ ከተጫነ በኋላ ኃላፊው፣ የጫኞች አለቃውና ሾፌሩ አብረው ይፈርሙበት። የገለባ መውጫ ፈቃድና የተራ ቅያሬም በጥበቃው መዝገብ ይጻፍ። ለ1ዱ ጆንያ ጉዳዩ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ሙሉ ቆጠራም በዚህ ሳምንት ይደረግ።

የሪፖርቱ ግልባጭ ለጥበቃውና ለመጋዘን ኃላፊው ይሰጥ። ቅሬታ ካላቸው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ ያቅርቡ።